የደበዘዘ የመድኃኒት ፎቶ ሲላክላችሁ፦ ልኩን፣ ሰዓቱንና ማስጠንቀቂያውን አንብቦ ለማስረዳት

ሐርቡ፣ ደጋን ወይም ኩታበር ዘመድ ያለው የደሴና የኮምቦልቻ ሰው ስልኩ ላይ የመድኃኒት ፎቶ ሳይደርሰው አይከርምም። ፎቶው ደብዛዛ ነው፤ አብሮት የሚመጣው የድምፅ መልእክት ደግሞ «ይኼን ስንት ስንት ልስጠው?» ይላል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለዚያ ፎቶ ተቀባይ ነው። መድኃኒት ማዘዝን አያስተምርም። የታዘዘውንና የተሰጠውን አስተያይቶ ማንበብን፣ የማይነበበውን አለመገመትን፣ ከዚያም ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሊሠራበት በሚችል ቃል ማስረዳትን ነው የሚያሳየው።

አንዲት ቁጥር መሳት ቶሎ ጉዳት የሚያመጣው በሕፃናት ሽሮፕ ላይ ስለሆነ በእሱ ምሳሌ እንሂድ። ሰኞ ረፋድ ላይ ከሐርቡ አንዲት አያት ሁለት ፎቶ አስልከዋል እንበል። ያነሳላቸው የጎረቤት ተማሪ ነው። አንደኛው ፎቶ የአሞክሳሲሊን ካርቶን ነው፤ ትልቁ የንግድ ስም ይነበባል፣ ከሥሩ ያለው ሁሉ ጭጋግ ነው። ሁለተኛው ከጤና ጣቢያ የተሰጠው የማዘዣ ወረቀት ሲሆን በደህና ይታያል፦ Amoxicillin 250 mg PO TID 5 days፤ ማለትም 250 ሚሊግራም በአፍ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለ5 ቀን። ልጁ የሁለት ዓመት ነው፤ ጤና ጣቢያ ሲመዘን 11 ኪሎ ሆኗል። አያትየው የጠየቁት «ስንት ማንኪያ ነው?» ብለው ነው።

ካርቶኑ መልስ የማይሰጥበት ጥያቄ

ብዙ ሰው ልኩ ካርቶኑ ላይ ተጽፎ የሚገኝ ይመስለዋል። የዚህ ዓይነት መድኃኒት ካርቶን ላይ ግን ስንት እንደሚሰጥ በአብዛኛው አይጻፍም፤ «ሐኪም እንዳዘዘው» የሚል ብቻ ነው ያለው። ካርቶኑ የሚናገረው የመድኃኒቱን ጥንካሬ ነው፤ ማለትም በአንድ ልክ ፈሳሽ ውስጥ ምን ያህል መድኃኒት እንዳለ። ስንት እንደሚሰጥ የሚናገረው ማዘዣው፣ ወይም ፋርማሲስቱ ብልቃጡ ላይ የጻፈው ነው። ስለዚህ ሁለቱም ፎቶ በእጃችሁ ሳይገባ መልስ አትስጡ። ካርቶን ብቻ ከተላከ «ማዘዣውንም ላኩልኝ፣ ብልቃጡ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ካለም አንሱት» በሉ።

በእኛ ምሳሌ ማዘዣው በአንድ ጊዜ 250 ሚሊግራም ይላል። የአሞክሳሲሊን ሽሮፕ በብዛት የሚሸጠው በሁለት ጥንካሬ ነው፦ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 125 ሚሊግራም ያለው እና በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 250 ሚሊግራም ያለው። የመጀመሪያው ከሆነ ልጁ በአንድ ጊዜ 10 ሚሊ ሊትር ያስፈልገዋል፣ ሁለተኛው ከሆነ 5 ሚሊ ሊትር። 125 የሆነውን 250 ብላችሁ ካነበባችሁ ልጁ የታዘዘለትን ግማሽ ብቻ ይወስዳል፤ በሽታው ሳይለቀው መድኃኒቱ ያልቃል። ተገላቢጦሹን ከሳታችሁ ደግሞ እጥፍ ይወስዳል። ጥያቄው በሙሉ የተንጠለጠለው በፎቶው ላይ ባለች አንዲት ባለሦስት አኃዝ ቁጥር ነው።

መጀመሪያ ድብዘዛው ምን እንደሆነ ለዩ

የፎቶ ድብዘዛ ዓይነት አለው፤ አንዳንዱ በስልክ ማስተካከያ ይሻሻላል፣ አንዳንዱ ከነጭራሹ አይሻሻልም። ፎቶውን አሳድጉና ፊደሎቹን ተመልከቱ።

ፊደሎቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ከተጎተቱና ጥላ ካወጡ ሲያነሳ እጁ ተንቀጥቅጧል ማለት ነው። እጅ ወደ ጎን ሲንቀሳቀስ ቁም የሆኑ መስመሮች ይፈርሳሉ፣ አግድም የሆኑት ይተርፋሉ። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠፋው አኃዝ 1 ነው፤ 125 ልክ 25 መስሎ ይቀራል። ሁሉም ነገር እኩል የለሰለሰ ከሆነ ፎከሱን ስቷል፤ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ስልኩን እጅግ ማስጠጋት ነው። የብዙ ስልኮች ካሜራ ከ10 ሳንቲ ሜትር ባነሰ ርቀት አይጠራም፣ ሰው ግን ጽሑፉ ትንሽ ሲሆን ጨምሮ ያስጠጋል። ፎቶው ጨለም ያለና አሸዋ የተነሰነሰበት ከመሰለ ብርሃን አንሷል፤ ይህኛው በስልካችሁ ማስተካከያ ብሩህነቱንና ንጽጽሩን ከፍ፣ ቀለሙን ወደ ጥቁርና ነጭ ብታደርጉት በመጠኑ ይሻሻላል። ነጭ የብርሃን ንጣፍ ጽሑፉን ከሸፈነው ግን ፍላሹ ነው። ከነጩ ሥር ምንም የለም፤ ምንም ብታደርጉ አይወጣም።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ፎቶ «ያጠራሉ» የሚባሉ አፖች የደበዘዘን ቁጥር ጥርት ያለ ሌላ ቁጥር ሊያደርጉት ይችላሉ። ለሠርግ ፎቶ ግድ የለም። ለመድኃኒት ግን ጥርት ብሎ የተሳሳተ ቁጥር ደብዛዛ ሆኖ ከተጠረጠረ ቁጥር የባሰ ነው።

አዲስ ፎቶ ማስነሳት

በደበዘዘ ፎቶ ላይ ሩብ ሰዓት ከመፍጠጥ እንደገና ማስነሳት ይሻላል። «አይታይም፣ ድገመው» ብቻ ካላችሁ ግን ያው ይመጣል። ለሚያነሳው ልጅ ነጥብ በነጥብ ንገሩት፦

1. የካሜራውን መስታወት በንጹሕ ጨርቅ ጥረገው። የቅባት እጅ ያረፈበት ከሆነ ሁሉም ነገር ጭጋግ ይሆናል።
2. ካርቶኑን ከቤት አውጥተህ በር ላይ፣ ጥላ ባለበት ግን ብርሃን በሞላበት ቦታ ጠረጴዛ ወይም ዱካ ላይ አስቀምጠው። በእጅ አትያዘው።
3. ፍላሹን አጥፋ።
4. ስልኩን አንድ ስንዝር ተኩል በሚሆን ርቀት፣ 30 ሳንቲ ሜትር ግድም፣ ላይ ያዝ። ክርንህን አስደግፍ። ስክሪኑ ላይ ጽሑፉ ያለበትን ቦታ በጣትህ ንካና እስኪጠራ ጠብቀህ አንሳ።
5. ስድስቱንም ፊት አንድ በአንድ አንሳ፤ የሚከፈተውን ክዳንና ታቹን ጭምር። ከዚያ ብልቃጡን አውጥተህ እሱንም እንዲሁ። ክብ ስለሆነ ሦስት ጊዜ እያዞርክ።
6. በቴሌግራም ስትልክ በፎቶነት ሳይሆን File በሚለው በኩል ላክ። በፎቶነት ሲሄድ ይጨመቃል፣ ትንንሹ ጽሑፍ ይጎዳል።

ቀኑ በብር ወረቀት ወይም በቲዩብ ጫፍ ላይ ተጫኖ የተቀረጸ ከሆነ ከፊት ለፊት ማንሳት አይሠራም። የሌላ ስልክ ባትሪ ከጎን፣ በጣም ዝቅ ብሎ ሲበራበት ቁጥሩ ጥላ ጥሎ ይወጣል።

ስልኩ ደካማ ሆኖ ሁሉም ነገር ካልሆነ ተማሪው ፊደሉን አንድ በአንድ እያነበበ በድምፅ ይላክ፦ «አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፣ ከዚያ ትንሹ ኤም፣ ጂ»። «መቶ ሃያ አምስት» ብሎ ሳይሆን አኃዙን ነጣጥሎ ይጥራ። የሰባተኛ ክፍል ልጅ በፀሐይ ብርሃን ካርቶኑን በእጁ ይዞ የሚያየውን ያህል የትኛውም ፎቶ አያሳይም፤ ይህ ዘዴ የሚናቅ አይደለም።

ጥንካሬውን ማንበብ

ትልቁን የንግድ ስም እለፉት። ከሥሩ በትንሹ የተጻፈው የመድኃኒቱ እውነተኛ ስም ነው የሚፈለገው። እዚያ Amoxicillin ብቻ መሆኑን አረጋግጡ፤ ቀጥሎ Clavulanate ወይም Clavulanic acid ካለ ሌላ መድኃኒት ነው። ስሙ ባይታይም ቁጥሩ ያሳብቅበታል፦ 156.25፣ 312.5፣ 228.5 ወይም 457 የሚል ከሆነ የሁለቱ ድምር ነው እንጂ አሞክሳሲሊን ብቻ አይደለም። 156.25 ማለት 125 አሞክሳሲሊንና 31.25 ክላቩላኒክ አሲድ ተደምሮ ነው። በማዘዣው ላይ አሞክሳሲሊን ብቻ ተጽፎ ካርቶኑ ይህን ካለ ስሌት አትጀምሩ፤ መድኃኒቱን የሰጠው ፋርማሲ ይደወልለት።

ወደ 125 እና 250 እንመለስ። ሁለቱም ሦስት አኃዝ ናቸው፣ ሁለቱም 2 እና 5 አላቸው፤ ስለዚህ «2 እና 5 ታይቶኛል» ማለት ማስረጃ አይሆንም። የሚለያቸው ጫፍና ጫፋቸው ነው። ከፊት ቀጭን ቁም መስመር ካለ 125 ነው፤ ከኋላ ክብ የተዘጋ ቅርጽ ካለ 250። መካከለኛውን አኃዝ ተዉትና ሁለቱን ጫፎች ብቻ እዩ። ከፊት ምንም ሳይታይ «25» ቢመስላችሁ የጠፋ 1 ሊኖር ስለሚችል ከፊት ያለውን ባዶ ቦታ ስፋት ተመልከቱ፤ ወይም ሌላ ፊት ላይ ፈልጉት።

ደንቡ ይኸውና፦ አንድን ቁጥር ያነበባችሁት ሁለት የተለያየ ቦታ ላይ ተመሳሳይ ሆኖ ሲገኝ ብቻ ነው። ጥንካሬው በካርቶኑ ፊት ለፊት፣ በጎኑ Each 5 ml contains ከሚለው መስመር ሥር፣ እንዲሁም በብልቃጡ ላይ ስለሚጻፍ ማመሳከሪያ አይጠፋም። ቀለም ወይም የሥዕሉ ዓይነት ማስረጃ አይደለም፤ አንድ ፋብሪካ ሁለቱንም ጥንካሬ በሚመሳሰል ካርቶን ሊያወጣ ይችላል።

የብልቃጡን ብዛትም ጠይቁ። በቀን ሦስት ጊዜ ለ5 ቀን 15 ጊዜ ነው። በአንድ ጊዜ 5 ሚሊ ሊትር ከሆነ ጠቅላላው 75 ሚሊ ሊትር ይሆናል፣ አንድ የ100 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ ይበቃል። 10 ሚሊ ሊትር ከሆነ 150 ስለሚሆን ሁለት ብልቃጥ ያስፈልጋል። በእኛ ምሳሌ አዲሱ ፎቶ ሲመጣ በካርቶኑ ጎንና በብልቃጡ ላይ 125 mg/5 ml ተነበበ፤ ሲጠየቁም ሁለት ብልቃጥ መውሰዳቸውን ተናገሩ። ሦስቱ ገጠሙ። አንድ ብልቃጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወይ ንባቡ ተሳስቷል፣ ወይ መድኃኒቱ ጎድሏል፤ በሁለቱም መንገድ ፋርማሲውን መጠየቅ ግድ ይሆን ነበር። የብልቃጥ ቁጥር ግን ንባቡን ይደግፋል እንጂ አይተካውም።

የማዘዣው ፊደላት

PO በአፍ የሚወሰድ ማለት ነው። BID በቀን ሁለት ጊዜ፣ TID ሦስት ጊዜ፣ QID አራት ጊዜ፣ PRN ሲያስፈልግ ብቻ። በእጅ ጽሑፍ BID እና TID በቀላሉ ይምታታሉ። ይበልጥ የሚያስፈራው QD ነው፤ በቀን አንድ ጊዜ ማለት ሲሆን መካከሉ ላይ I የሚመስል ጭረት ከገባበት በቀን አራት ጊዜ ይሆናል። የኪኒን ማዘዣ ከሆነ የተሰጠውን ፍሬ ቁጠሩ፦ ለ7 ቀን 21 ፍሬ ከተሰጠ በቀን ሦስት፣ 14 ከሆነ በቀን ሁለት፣ 7 ከሆነ አንድ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ፍሬ ከሆነ ማለት ነው። የኪኒን ከረጢት ላይ የሚጻፈው 1×3 ደግሞ «አንድ፣ በቀን ሦስት ጊዜ» ነው እንጂ «ሦስት ባንድ ጊዜ» አይደለም። ይህን ሳትጠየቁም ተናገሩ።

ማብቂያ ቀኑ፣ ዓመት የሚያሳስተው ቦታ

EXP የሚለው ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በእኛ አቆጣጠር የሚያነብ ሰው ሁለት ጊዜ ይሳሳታል። መጀመሪያ ዓመቱን፦ EXP 05/2019 የሚል ብልቃጥ በ2018 ለሚኖር ሰው ገና አንድ ዓመት ያለው ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ግንቦት 2011 ላይ አብቅቷል። ቀጥሎ ወሩን፦ 08 ማለት ኦገስት ነው፣ ሚያዝያ አይደለም። ከፈረንጁ ዓመት ላይ ከጃንዋሪ መጀመሪያ እስከ መስከረም 1 ዋዜማ ላለው 8፣ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ላለው 7 ቀንሱ። ቀን ሳይጠቀስ ወርና ዓመት ብቻ ካለ እስከዚያ ወር መጨረሻ ያገለግላል። EXP 08/2026 ማለት እስከ ነሐሴ 25 ቀን 2018 ነው።

ቀኑ በነጠብጣብ ቀለም የታተመ ሲሆን ቶሎ ይፋቃል፤ 8 እንደ 3፣ 6 እንደ 5 ወይም 8 ይታያል። እዚያው አጠገብ ያለውን MFG፣ የተመረተበትን ቀን፣ አንብቡና ልዩነቱን አስሉ። አብዛኛው ሽሮፕና ኪኒን ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ነው የሚሰጠው። MFG 09/2024 ሆኖ EXP 08/2028 ካነበባችሁ ያቺ 8 ምናልባት 6 ናት። ያኔ ይጣራ።

ውሃው፣ ማንኪያውና ሰዓቱ

አሞክሳሲሊን ሽሮፕ ከፋርማሲ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ዱቄት ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ በሦስት መንገድ ነው፦ ዱቄቱን በማንኪያ ይሰጣል፣ ወይም በየጊዜው ጥቂት ዱቄት በብርጭቆ ይበጠብጣል፣ ወይም እስከ አፉ ድረስ ውሃ ይሞላል። ሦስቱም በአንድ ማንኪያ ውስጥ የሚገባውን መድኃኒት ያዛባሉ።

ትክክለኛው እንዲህ ነው። ውሃ ፈልቶ ይቀዝቅዝ። ብልቃጡ ሳይከፈት ታቹ በመዳፍ ይመታ፣ የረጋው ዱቄት እንዲላቀቅ። ብልቃጡ ላይ እስከ ተሰመረው መስመር ግማሽ ድረስ ውሃ ይግባ፣ ይዘጋና በደንብ ይናጥ። ከዚያ እስከ መስመሩ ይሞላ፣ እንደገና ይናጥ። አረፋው እስኪረግፍ ይጠበቅ፤ አረፋ መስመሩ ላይ የደረሰ ያስመስላል እንጂ ውሃው ዝቅ ብሎ ነው ያለው። ሲረጋ ከጎደለ እስከ መስመሩ ይሞላ። መስመሩ በፎቶው ላይ የት እንዳለ ክብ አድርጋችሁ መልሳችሁ ላኩላቸው።

ከተበጠበጠ በኋላ የሚቆየው በካርቶኑ ላይ በተጻፈው ያህል ነው፤ ብዙ ጊዜ 7 ቀን ይላል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥ የሚልም አለ። ማቀዝቀዣ በሌለበትና እንደ ሐርቡና ኮምቦልቻ በሚሞቅ ቦታ የቆርቆሮ ቤት መደርደሪያ ላይ፣ ወይም ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ መድኃኒቱን ያበላሻል፤ ማቀዝቀዣ ግዴታ ሆኖ ከተጻፈና ከሌላቸው ሳይበጠበጥ በፊት ፋርማሲውን ይጠይቁ። ሁለት ብልቃጥ ካለ ሁለተኛው አሁን አይበጠበጥ፤ የመጀመሪያው ሲያልቅ ነው።

ማንኪያን በተመለከተ «የሻይ ማንኪያ» ብላችሁ አትንገሩ። የቤት ማንኪያ አንዱ ሦስት፣ አንዱ ስድስት ሚሊ ሊትር ሊይዝ ይችላል። ከብልቃጡ ጋር የመጣውን መለኪያ ኩባያ ወይም ማንኪያ ፎቶ አስልኩ፣ 5 የሚለው መስመር የት እንደሆነ አሳዩ። ከሌለ ከፋርማሲ መርፌ የሌለው ባለ 5 ወይም ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይገዛ፤ ለሕፃን ከማንኪያም ይሻላል፣ በጉንጩ በኩል ቀስ ተብሎ ይሰጣል።

ሰዓቱን «በየ8 ሰዓቱ» ብላችሁ አትተዉት፤ በእኛ ሰዓት ቁረጡላቸው። ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4 ሰዓት። በጠዋት 12 ፋንታ አንድ ሰዓት ላይ ቢሰጥ ምንም አይደለም፣ ሁለቱን ልክ ባንድነት መስጠት ግን አይሆንም። አሞክሳሲሊን ከምግብ በፊትም በኋላም ይሰጣል፣ ስለዚህ ምግብ እስኪደርስ አይጠበቅ። ለአዋቂ የታዘዘ ሌላ መድኃኒት ሲሆን የጾም ነገር ይመጣል፤ በረመዳን በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰድ ብዙ ጊዜ በኢፍጣርና በስሁር ይስማማል፣ በቀን ሦስት ጊዜ የሚወሰድ ግን በሁለት አይጠቀለልም። ሰዓቱን ማሸጋሸግ ያዘዘው ሐኪም ጉዳይ ነው።

ማስጠንቀቂያውን ወደ ምልክት መመለስ

ካርቶኑ ላይ «ለፔኒሲሊን አለርጂ ላለበት አይሰጥም» የሚል ትርጉም ያለው ዓረፍተ ነገር አለ። ይህን ለአያት እንዳለ ብታነቡት ምንም አይጠቅማቸውም። ወደሚመለስ ጥያቄ ለውጡት፦ «ልጁ ከዚህ በፊት የፔኒሲሊን መርፌ ተወግቶ ወይም ይህን ሽሮፕ ጠጥቶ ሰውነቱ ሽፍ ብሎበት፣ ፊቱ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮት ያውቃል?» መልሱ አዎ ከሆነ አይሰጥ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ይመለስ። አያውቅም ቢሉም የሚጠበቀውን ምልክት ንገሯቸው፤ አለርጂ በሁለተኛው ጊዜም ይመጣል።

የሆድ መለስለስ የተለመደ ነው፣ መድኃኒቱን አያስቆምም። ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ግን ወደ ጤና ጣቢያ ያስኬዳል። ከመድኃኒቱ ውጭም የበሽታው አደገኛ ምልክቶች አሉ፦ ልጁ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የሰጡትን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከደነዘዘ፣ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ ቀጣዩ ሰዓት እስኪደርስ አይጠበቅም።

ሌላው ተዘውትሮ የሚጠየቅ፦ ከጠጣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ካስመለሰ ያው ልክ ይደገምለታል፤ ግማሽ ሰዓት ካለፈው አይደገምም። የአንዱ ሰዓት ልክ ከተረሳ እንደታወሰ ይሰጣል፣ ቀጣዩ ከተቃረበ ግን የተረሳው ይለፍ፤ እጥፍ አይሰጥም።

የማትነኩት ቁጥር

አንዳንድ መድኃኒት ላይ «125 ይመስላል» ማለት አይገባም። ኢንሱሊን፣ ዋርፋሪን፣ ዲጎክሲን፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ በተለይ ደግሞ ሜቶትሬክሴት። ይህ የመጨረሻው ለመገጣጠሚያ በሽታ ሲታዘዝ በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚወሰደው፤ በየቀኑ የወሰደው ሰው ሊሞት ይችላል። ነጥብ ያለበት ቁጥርም እንዲሁ ነው፦ 2.5 ላይ ነጥቧ ከጠፋች 25 ይሆናል። mg እና mcg ደግሞ በሺህ እጥፍ ይለያያሉ። በእነዚህ ላይ ፎቶው አንድ ፊደል እንኳ ከጎደለው የሚሰጠው መልስ «አልታየኝም፣ ወደ ሸጠው ፋርማሲ ደውሉ» ነው። ስልኩ አብዛኛውን ጊዜ ደረሰኙ ወይም የኪኒኑ ከረጢት ላይ ይገኛል።

ለአያትየው የሚላከው

በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅ ይላክ፤ አጠር ያለና ደግመው ሊያደምጡት የሚችሉት። ስለ ሚሊግራም አታንሱ፣ ሥራው የእናንተ ነበር።

«እማማ፣ ይኼ ሽሮፕ ለልጁ የታዘዘው ነው፣ ጊዜውም አላለፈበትም። መጀመሪያ አንዱን ብልቃጥ ብቻ አፍልተው ባቀዘቀዙት ውሃ እስከ መስመሯ ይበጥብጡት፤ መስመሯን ተማሪው ያሳይዎታል። ሁለተኛውን እንዳይከፍቱት። በመጣው ኩባያ 10 እስከሚለው ይስጡት፣ ይኸውም 5 የሚለው ሁለት ጊዜ ነው። ዛሬ ቀን 8 ሰዓት ይጀምሩ፣ ከዚያ ማታ 4፣ ጠዋት 12፣ እንደገና ቀን 8 ሰዓት። ሁልጊዜ ከመስጠትዎ በፊት ይናጡት። ቢሻለውም አያቋርጡት፤ ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነው የሚያበቃው። ሁለተኛው ብልቃጥ ላይ ግማሽ ይተርፋል፣ እሱን ለሌላ ልጅ አያቆዩት፣ ይድፉት። ፊቱ ካበጠ፣ ሰውነቱ ሽፍ ካለ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ያቁሙና ቶሎ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። አሁን እንዴት እንደሚሰጡት መልሰው ይንገሩኝ እስቲ።»

የመጨረሻዋን ጥያቄ አትዝለሏት። «ገባዎት?» ብትሉ «አዎ» ይላሉ፤ አያት ለልጅ «አልገባኝም» አይሉም። መልሰው ሲናገሩ ግን ስህተቱ ይወጣል፦ «ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ አንድ አንድ ማንኪያ» ካሉ 10 ሚሊ ሊትሩ አልደረሳቸውም፤ ኩባያው ላይ መስመሯን ተማሪው በማርከር እንዲያሰምርላቸው አድርጉ። ቁጥር ከማስታወስ የተሰመረ መስመር መከተል ይቀላል።

ሐሙስ ቀን ከ8 ሰዓት በኋላ ደግሞ የብልቃጡን ፎቶ አስልኩ። ሰኞ ቀን 8 ሰዓት ከተጀመረ ሐሙስ ቀን 8 ሰዓት ላይ አሥረኛው ልክ ይሰጣል፣ የመጀመሪያው 100 ሚሊ ሊትርም እዚያ ላይ ያልቃል፤ ጥቂት ወዲህ ወዲያ ቢል አያስጨንቅም። ግማሹ ገና ካለ 5 ሚሊ ሊትር እየሰጡ ነው፣ ወይም ሰዓት እየዘለሉ ነው። ማክሰኞ ማታ ካለቀ ደግሞ ልኩ በዝቷል፣ ወይም ሌላ ልጅም እየጠጣው ነው፤ ሁለቱንም ሳትቆጡ ጠይቁ።